ምክትል ሥራ አስኪያጁ ሰኞ ጠዋት የማይደርስ ሥራ ጠየቁኝ፣ ምን ብዬ ልመልስ?

ሠንጠረዥ · ሐሙስ፣ ከቀኑ 8:40

ሰላም ለሁላችሁ። ቶሎ ምክር የሚያስፈልገኝ ነገር ገጥሞኛል። የምሠራው የደንበኞች መረጃ ክፍል ነው። ከግማሽ ሰዓት በፊት ምክትል ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ጠረጴዛዬ ድረስ መጡና «የዓመቱን የደንበኛ ቅሬታ በየቅርንጫፉና በየምክንያቱ ተንትነሽ ሰኞ ጠዋት አድርሺልኝ» ብለውኝ ሄዱ። ቅርንጫፎቹ 18 ናቸው። ሁሉም ቅሬታውን በየራሱ ኤክሴል ነው የሚመዘግበው። አንዱ ቀኑን በአንድ ዓይነት ይጽፋል፣ ሌላው በሌላ፣ አንዱ ደግሞ ምክንያቱን «ሌላ» ብሎ ይዘጋዋል። አንዱን ፋይል አጽድቶ መተንተን ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ይመስለኛል።

በዚያ ላይ ነገ ማታ የሚደርስ ወርሃዊ ሪፖርት አለብኝ። እሱ ብቻ አምስት ሰዓት ይበላል። የቅርብ አለቃዬ ስለ አዲሱ ሥራ ምንም አያውቅም።

ሰውየው ክፉ አይደሉም፣ ግን እምቢ የተባሉ ሰው አይመስሉም። ይህን ጽፌያለሁ፣ እዩልኝ፦

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በጣም ብፈልግም በሥራ መደራረብ ምክንያት፣ እንዲሁም የቅርንጫፎቹ ፋይሎች የተዘበራረቁ በመሆናቸው፣ ይቅርታ፣ እስከ ሰኞ ለማድረስ የምቸገር ይመስለኛል፣ ምናልባት እስከ ሐሙስ ቢሆን…»

ልላከው?

---

ሰነድ ያዥ · ሐሙስ፣ 8:52

አትላኪው። እንዲህ ዓይነት ነገር ሁሌ በኢሜይል፣ ሁሌ ኮፒ አድርጎ ነው። የቅርብ አለቃሽን፣ የአለቃሽን አለቃ፣ የሰው ኃይልንም ጨምሪበት። ነገ «አላደረሰችም» ሲባል ማስረጃ ይኖርሻል። እኔ አንድ ጊዜ በቃል እሺ ብዬ የተቃጠልኩት ይበቃኛል።

---

ዝምተኛ · ሐሙስ፣ 8:58

እህቴ፣ ዕረፍትሽን የመውሰድ መብት አለሽ፣ ማንም ሊከለክልሽ አይችልም። እኔም ባለፈው ዓመት ዕረፍት ጠይቄ አለቃዬ ስብሰባ አለ ብሎ አስቀረኝ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

---

ሠንጠረዥ · ሐሙስ፣ 9:01

@ዝምተኛ ኧረ ዕረፍት አልጠየቅኩም 😅 የታዘዝኩት ሥራ በቀኑ አልደርስ ብሎኝ ነው።

---

ዝምተኛ · ሐሙስ፣ 9:03

አሃ፣ ርዕሱን ብቻ ነው ያነበብኩት። ይቅርታ። የኔ ግን ያናድዳል።

---

አሮጌ ወንበር · ሐሙስ፣ 9:15

ብዙ ዓመት በሌላኛው ወንበር ተቀምጫለሁ፣ ማለትም ጠያቂው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ያንቺ መልእክት ለእሳቸው ምን እንደሚመስል ልንገርሽ።

«ይቅርታ» ሁለት ጊዜ አለ። ምክንያት ሁለት አለ። «ይመስለኛል» አለ፣ «ምናልባት» አለ። ሰኞ እጃቸው ላይ ምን እንደሚገባ ግን የትም የለም። እኔ ብሆን አንብቤ ስጨርስ የማስበው «ትንሽ ብገፋት ትሠራዋለች» ነው። ምናልባት ያለ ሰው እየተደራደረ ነው የሚመስለው። እናም እገፋሻለሁ።

ጽሑፉን ለጊዜው ተዪው። መጀመሪያ ሁለት ነገር አድርጊ።

አንደኛ፣ ሥራው ለምን እንደተፈለገ ጠይቂ። «ለምን?» ብለሽ አይደለም፣ እሱ ክርክር ይመስላል። «ሰኞ የሚያቀርቡት ለማን እንደሆነና ምን ያህል ደቂቃ እንዳለዎት ቢነግሩኝ አቀራረቡን በዚያ ልክ አዘጋጀዋለሁ» በይ። ይህን የሚከለክል አለቃ አላየሁም። እንዲያውም ሥራውን እንደያዝሽው ምልክት ነው።

ሁለተኛ፣ «ሁለት ሰዓት ይመስለኛል» ያልሽውን ሞክሪው። አንድ ቅርንጫፍ ውሰጂና ዛሬውኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሥሪው፣ ሰዓትም ያዢ። ትልቁን ምረጪ፣ ቀላሉን አይደለም። አሁን እስከ ሐሙስ ብለሽ ብትልኪና ሐሙስ ባይደርስ፣ ያኔ ሁለተኛ ጊዜ መለመን ይመጣል። የመጀመሪያውን እምቢታ ሰው ይረሳል። ሁለተኛውን ግን ማንም አይረሳም።

@ሰነድ ያዥ በጽሑፍ መሆን አለበት ባልከው እስማማለሁ። የሰው ኃይልን ኮፒ ማድረግ ግን ጦርነት ማወጅ ነው። ሰውየው እኮ ገና ሥራ ነው የጠየቁት፣ ምንም አላጠፉም። እንዲህ ያለ ኢሜይል ሲደርሰኝ የሥራውን ነገር አቆምና ስለ ሰውየው ማሰብ እጀምር ነበር።

---

ሰነድ ያዥ · ሐሙስ፣ 9:22

እሺ ጋሼ፣ የሰው ኃይሉን እንተወው። የቅርብ አለቃዋ ግን ኮፒ መሆን አለበት፣ በዚህ አልለቅም።

---

አሮጌ ወንበር · ሐሙስ፣ 9:30

መሆን አለበት። ግን በኮፒ ከማወቁ በፊት በአፍ ይስማ። በኮፒ መጀመሪያ የሰማ አለቃ ከኔ ተደበቀ ብሎ ይቀየማል። ደግሞ ወርሃዊው ሪፖርት የእሱ ነው። እሱን ወደ ሰኞ መግፋት የሚችለው እሱ ብቻ ነው፣ አንቺ በራስሽ አትግፊው። ሁለት ደቂቃ ነው፦ «ምክትሉ እንዲህ ጠይቀውኛል፣ እንዲህ ብዬ ልመልስ ነው፣ የሚከለክል ነገር አለ?»

---

ኮድ ጠጋኝ · ሐሙስ፣ 9:44

እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው፣ «ቀንሶ ማቅረብ» የሚባለውን ግን በደንብ አውቀዋለሁ፣ ስላቃጠለኝ። አንድ ጊዜ ትልቅ ኃላፊ የክፍያ ገጽ በሁለት ሳምንት ፈለጉ። እኔም ብልጥ ሆኜ «በሁለት ሳምንት አንዱን የክፍያ ዓይነት ብቻ አደርሳለሁ፣ ሌሎቹ ሁለቱ በኋላ» አልኩ። እሺ ተባለ። አደረስኩ። ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ሥራው ተጠናቀቀ ተብሎ ለደንበኛ ተነገረ። ቀሪዎቹ ሁለቱ የኔ ጉድለት ሆኑ። «በኋላ» ብዬ ቀን ስላልጻፍኩ የሚያስታውሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ስለዚህ ስትቀንሺ የቀረውን ስም ጠርተሽ፣ ቀኑንም ጽፈሽ ነው። ወረቀቱ ራሱ ላይም ጻፊበት። ኢሜይሉን ማንም አያያይዝም፣ ገጹ ግን ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።

---

ሠንጠረዥ · ሐሙስ፣ 12:35

ተመለስኩ። የተባልኩትን አደረግኩ።

ጸሐፊያቸውን ጠይቄ ገባሁና ለማን እንደሚያቀርቡት ጠየቅኳቸው። ሰኞ 4 ሰዓት ላይ የቦርድ ስብሰባ አለ፣ አሥር ደቂቃ ተሰጥቷቸዋል፣ ቅሬታ የበዛው የት እንደሆነ ማሳየት ነው የሚፈልጉት። በአንድ ገጽ ነው የሚያቀርቡት! እኔ እኮ 18 ምዕራፍ ያለው ሰነድ እያሰብኩ ላብ በላብ ሆኜ ነበር።

ከዚያ ትልቁን ቅርንጫፍ ወስጄ ሠራሁት። ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። ከዚህ ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ የሄደው «ሌላ» ተብለው የተመዘገቡትን አንድ በአንድ አንብቦ በመመደብ ነው። እናም ሦስት ሰዓት ብለን እንያዘው። 18 ሲባዛ 54 ሰዓት። ሐሙስ ብዬ ልኬው ቢሆን ኖሮ ጉድ ፈልቶ ነበር።

አለቃዬን በስልክ አገኘሁት። ወርሃዊውን አልገፋም አለ። በቀረው ግን እንደመሰለሽ መልሺ፣ እኔን ኮፒ አድርጊኝ ብሏል።

ስለዚህ ነገ ያለኝ ሦስት ሰዓት ነው። የየቅርንጫፉን የቅሬታ ብዛት ብቻ ከሆነ ከማዕከል መዝገብ በሁለት ሰዓት ማውጣት እችላለሁ፣ ማጽዳት አይፈልግም። የ18ቱን ብዛትና የሠራሁትን የትልቁን ቅርንጫፍ ምክንያት አቀርባለሁ ብዬ አስቤያለሁ። እንዴት ነው?

---

አሮጌ ወንበር · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:05

ጎበዝ። ግን ሁለት ነገር ይጎረብጠኛል።

ብዛቱን ብቻ ካቀረብሽ ትልቁ ቅርንጫፍ ምንጊዜም አንደኛ ይወጣል። ደንበኛው ስለሚበዛ ነው እንጂ ስለሚበድል አይደለም። ምክትሉ ያንን ገጽ ይዘው ቦርድ ፊት ይቆማሉ፣ አንድ አባል «ስንት ደንበኛ ስላለው ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ እሳቸውም ይደነግጣሉ። ከዚያ አንቺን ያስታውሳሉ። ሥራ መቀነስ ማለት ዝርዝሩን መቀነስ ነው፣ የተረፈው ግን ብቻውን ቢቆምም የማያሳስት መሆን አለበት። የደንበኛ ቁጥር ወርሃዊው ሪፖርት ላይ ይኖርሻል መቼም። በሺህ ደንበኛ ስንት ቅሬታ እንደሆነ አስቀምጪው። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ሁለተኛው፣ የአንድ ቅርንጫፍን ምክንያት ብቻ ቦርድ ፊት ማቅረብ ያንን ሥራ አስኪያጅ ለብቻው ማስወቀስ ነው። አንቺ ይህን አልፈለግሽም፣ ውጤቱ ግን ይኸው ነው። ቢያንስ ሁለት ይሁኑ።

---

ሠንጠረዥ · ሐሙስ፣ 1:20

የደንበኛ ቁጥሩ አለኝ፣ አሁን በፍጥነት አየሁት። እውነትም ትልቁ በብዛት አንደኛ ነው፣ በሺህ ደንበኛ ሲታይ ግን ሦስተኛ ይሆናል። አንደኛ የሚወጣው ማንም የማያስበው ትንሽ ቅርንጫፍ ነው። ደነገጥኩ።

ስለዚህ ሁለተኛው እሱ ይሁን። ግን ሦስት ሰዓት ከየት ላምጣ? ቅዳሜ ቤት ሆኜ ልሠራው ነው።

---

ቅዳሜ የኔ ናት · ሐሙስ፣ 1:31

አይሆንም! ስሜን እዩልኝ። ቅዳሜን አንዴ ከሰጠሽ በሚቀጥለው ሂሳብ ውስጥ ትገባለች። «ያኔ ቅዳሜ ሠርተሽ አልነበር?» ትባያለሽ። በሦስት ሰዓት የሚሆነውን አቅርቢ፣ እዚያ ላይ አብቂ። እሳቸው ዘግይተው ስለጠየቁ የአንቺ ቅዳሜ አይከፍልም።

---

አሮጌ ወንበር · ሐሙስ፣ 1:40

ቅዳሜዋን እሷ ታውቃለች። የምለው አንድ ነገር ነው፤ ከሠራሽ ዝም ብለሽ አትሥሪ። ሳይታወቅ ሌሊትና ቅዳሜ የሚሠራ ሰው ሲጠየቅ ያደረሰው ሁሉ በመደበኛ ሰዓት የደረሰ ይመስላል። «ሁለተኛውን ቅርንጫፍ ቅዳሜ እሠራዋለሁ» ብለሽ ጻፊ። ሳትማረሪ፣ እንደ ተራ መረጃ።

---

ቅዳሜ የኔ ናት · ሐሙስ፣ 1:44

ተጽፎም ቢሆን ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። አልስማማም ጋሼ፣ በአክብሮት።

---

ሠንጠረዥ · ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2:10

አልተኛሁም ብል ይሻላል። አዲሱ ይኸው፣ ከመላኬ በፊት አንድ ሰው ይይልኝ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ስለ ቅሬታው ትንተና ነው። ለሰኞው ስብሰባ ሰኞ 2 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ገጽ ይደርስዎታል። በውስጡ የ18ቱም ቅርንጫፎች የቅሬታ ብዛት፣ በሺህ ደንበኛ ተሰልቶ፣ እንዲሁም የሁለት ቅርንጫፎች የቅሬታ ምክንያት ይኖራል፤ አንዱ በብዛት አንደኛ የሆነው፣ ሌላው በሺህ ደንበኛ አንደኛ የሆነው። ሁለተኛውን ቅዳሜ እሠራዋለሁ።

የ18ቱን ምክንያት ለሰኞ ማድረስ አልችልም። ትናንት አንዱን ሠርቼ ሦስት ሰዓት ያህል ፈጅቶብኛል። ወርሃዊው ሪፖርት ዛሬ ስለሚያልቅ ከሰኞ ጀምሮ በቀን ስድስት ሰዓት እሰጠዋለሁ። የቀሩት 16ቱ ከሰኞው ዓርብ ሳይሆን ከዚያ በሚቀጥለው ዓርብ ተጠናቀው ይደርስዎታል።

በሁለቱ ቅርንጫፎች ምትክ ሌላ እንዲሆን ከፈለጉ ዛሬ እስከ 8 ሰዓት ይንገሩኝ። ካልሆነ በዚሁ እቀጥላለሁ።»

የቀኑን ስሌት እንዲህ ነው ያሰብኩት፦ 16 ቅርንጫፍ በሦስት ሰዓት 48 ሰዓት፣ ሁሉንም አገጣጥሞ ለመጻፍ ስድስት ሰዓት፣ ድምር 54። በቀን ስድስት ሰዓት ሲካፈል ዘጠኝ የሥራ ቀን፣ ማለትም ሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ። አንድ ቀን ጨምሬ ዓርብ አልኩ።

---

ሰነድ ያዥ · ዓርብ፣ 2:18

«አልችልም» ትንሽ አልከበደም? «ያዳግተኛል» ቢባልስ?

---

አሮጌ ወንበር · ዓርብ፣ 2:25

አይቀየር። «ያዳግተኛል» ለእኔ ቢመጣ ያግዛት ዘንድ ሰው ልጨምርላት ወይስ ልግፋት እያልኩ አስባለሁ። እዚያ ቦታ ላይ «አልችልም» ያልከበደው ከላዩ የሚደርሳቸው ነገር ስለተጻፈ ነው። መጀመሪያ አግኝተው፣ ከዚያ ነው የሚከለከሉት። ብቻውን ቢሆን ኖሮ እውነትም ይከብድ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ። «ከሰኞው ዓርብ ሳይሆን ከዚያ በሚቀጥለው» የሚለውን አጥፊና ቀኑን በቁጥር ጻፊ። እኔ ራሴ ሁለቴ አነበብኩት። ሁለት ሰው «ቀጣይ ዓርብ» ብሎ ሁለት የተለያየ ዓርብ ሲጠብቅ ስንቴ አይቻለሁ።

መጨረሻ ላይ ያለው «ካልሆነ በዚሁ እቀጥላለሁ» ግን ጥሩ ነው። ሥራ የሚበዛባቸው ሰዎች መልስ ሳይሰጡ ይቀራሉ፣ አንቺም ስትጠብቂ ዓርብ ያልቃል። እንዲህ ከተጻፈ ዝምታቸው እሺታ ነው።

---

ኮድ ጠጋኝ · ዓርብ፣ 2:31

ገጹ ላይም ጻፊው! «የ16ቱ ቅርንጫፎች ምክንያት አልተካተተም፣ በዚህ ቀን ይቀርባል» ብለሽ፣ ግርጌ ላይ በደቃቁ ሳይሆን ከርዕሱ ሥር። የኔን ጣጣ አትርሺ።

---

ሠንጠረዥ · ዓርብ፣ 2:36

ቀኑን በቁጥር አድርጌ ልኬዋለሁ። አለቃዬ ኮፒ ነው። ልቤ እየመታ ወርሃዊው ላይ ተቀምጫለሁ።

---

ሠንጠረዥ · ዓርብ፣ 7:20

ደወሉ! ከመልእክቱ ያነበቡት የመጀመሪያውን አንቀጽ ብቻ መሰለኝ፣ ምክንያቱም «ጥሩ ነው፣ ሦስተኛ ቅርንጫፍም ጨምሪበት» አሉኝ። እሺ ልል ትንሽ ነው የቀረኝ። ምላሴ ላይ ደርሳ ነው የመለስኳት።

«ሦስተኛው ሦስት ሰዓት ይፈልጋል፣ ሰኞ 2 ሰዓት ተኩል አይደርስም። ከሁለቱ በአንዱ ልቀይረው ወይስ ለሙሉው ይቆይ?» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ያቺ ዝምታ ረጅም ናት እናንተ። ከዚያ «ይቆይ» አሉ። ምንም ቁጣ የለም። በቃ፣ ይቆይ።

---

ሰነድ ያዥ · ዓርብ፣ 7:31

ያንን በኢሜይል አጽኚው። «በስልክ እንደተነጋገርነው» ብለሽ አንድ መስመር።

---

አሮጌ ወንበር · ዓርብ፣ 7:40

እዚህ ላይ ሰነድ ያዥ ሙሉ በሙሉ ልክ ነው። ሰኞ ስብሰባ ውስጥ ሦስተኛው ተነስቶ ያልተነጋገራችሁ እንዳይመስል።

---

ሠንጠረዥ · ሰኞ፣ ከቀኑ 9:15

ስብሰባው አለፈ። ገጹ 2:20 ላይ ነው የደረሳቸው። ትንሹ ቅርንጫፍ በሺህ ደንበኛ አንደኛ መሆኑ ቦርዱን አነጋግሯል አሉ፣ ከአሥር ደቂቃው ግማሹን በልቷል። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ግን ከሰዓት ደውሎ «ስሜን እዚያ ስታስቀምጪ ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ። ይህን ማናችንም አላሰብነውም። ለእሱ ዓርብ አንድ ስልክ ብደውል ኖሮ።

ሌላው ደግሞ ምክትሉ አሁን የ16ቱን ሥራ በዚህ ሳምንት መጨረሻ እንዲደርስ ይፈልጋሉ። ቦርዱ ስለወደደው መሆኑ ነው። በሳምንት ሠላሳ ሰዓት ነው ያለኝ፣ ያ ደግሞ 10 ቅርንጫፍ ነው፣ አገጣጥሞ መጻፉ ሳይቆጠር። «በዚህ ዓርብ ቅሬታ የበዛባቸውን ዘጠኙን ላድርስ፣ ወይም ምክንያቱን የሚመድብ አንድ ሰው ይመደብልኝ» ብዬ ጽፌያለሁ። ሰው ይሰጡሻል ብለዋል። ማን እንደሆነና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አልተነገረኝም።

---

ቅዳሜ የኔ ናት · ሰኞ፣ 9:22

አላልኩም? ቅዳሜን አየና ሳምንቱን ጠየቀ።

---

ኮድ ጠጋኝ · ሰኞ፣ 9:29

እኔ ግን ከቅዳሜዋ ጋር አላያይዘውም። ጥሩ ስለወጣ ነው የተጣደፉት። መጥፎ ቢሆን ሁለተኛው ዓርብም ይረሳ ነበር።

---

አሮጌ ወንበር · ሰኞ፣ 9:50

አዲስ ሰው ቢመጣልሽ የመጀመሪያው ቀን ያንቺም ጊዜ ይሄዳል፣ «ሌላ» የሚለውን እንዴት እንደምትመድቢ ማሳየት አለብሽ። ስለዚህ ሰውየው እስከ ነገ ካልተመደበ ዓርብ ዘጠኙ ብቻ እንደሚደርስ ዛሬውኑ ጻፊ። ረቡዕ ከሆነ ሰው ቢሰጡሽም አይጠቅምም።

---

ሠንጠረዥ · ሰኞ፣ 9:58

እየጻፍኩ ነው። «አልችልም» የሚለውን ግን በዚህኛው የት እንደማስቀምጠው አላወቅኩም።